ጨው ተራውን ሲጠብቅ

ከአሳሌ ሐይቅ ዳር ተፈልፍሎ በግመል፣ አሁን አሁን ደግሞ በመኪና ወደ በርሃሌ የሚወጣው አሞሌ ወጥ ውስጥ ሲገባ ማንንም አያስመርርም። ነገሩ ብዙም የሚያስገርም አይመስልም፤ ጨው ጨው ነውና። ነገር ግን የዚያ ጨው የመጀመሪያ ምንጭ ቀይ ባሕር ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ ከገበታ ጨው ሌላ የኖራ ድንጋይ የሚሆን፣ ጂፕሰም የሚሆን፣ ለማዳበሪያ የሚፈለግ ፖታሽ የሚሆን፣ አፍ የሚያጣምም የማግኒዥየም ጨውም ሟሙቶ ይገኛል። የባሕር ውሃ በድስት ጥዶ እስከ መጨረሻው ያደረቀ ሰው ከድስቱ የሚፍቀው ነገር የአሞሌን ጣዕም አይሰጠውም። ታዲያ አሞሌው ውስጥ ያልገቡት ሌሎቹ የት ደረሱ?

አብዛኞቹ ከአፋር አልወጡም። እዚያው የዳሎል ሜዳ ዙሪያና ሥር፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተነባብረው ተኝተዋል። የለያቸው ፀሐይና ጊዜ ነው። ውሃ እየተነነ ሲሄድ በውስጡ የሟሟው ሁሉ በአንድ ላይ አይወርድም፤ ተራ አለው። ተራውን ያወቀ ሰው አንድ የደረቀ ሐይቅ ምን ያህል እንደ ደረቀ፣ መቼ ውሃ እንደ ተጨመረበት፣ ከየት እንደ ተጨመረበትም ከድንጋዩ ማንበብ ይችላል።

ይህን ተራ በሙከራ መዝግቦ ያስቀመጠው ኡሲልዮ የተባለ ጣሊያናዊ ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 የሜዲትራኒያንን ውሃ ቀስ በቀስ እያተነነ በየደረጃው የወረደውን ጨው መዘነ። ዛሬም የጨው ጂኦሎጂ የሚማር ተማሪ የሚጀምረው ከእሱ ቁጥሮች ነው። እኛም አንድ ሺህ ሊትር የባሕር ውሃ በሰፊ ገንዳ አድርገን ፀሐይ ላይ እንተወው። በውስጡ 35 ኪሎ ያህል የሟሟ ጨው አለ።

መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ምንም አይታይም። ውሃው ወደ ግማሽ፣ ማለትም ወደ 500 ሊትር ሲወርድ፣ የገንዳው ወለል ላይ ነጭ አቧራ መታየት ይጀምራል። ይህ የካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ማዕድን። ቀድሞ የወረደው ብዙ ስለሆነ አይደለም፤ ተጠራቅሞ ቢመዘን እንኳ ከመቶ ግራም እምብዛም አያልፍም። ውሃ ካርቦኔትን የመያዝ አቅሙ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ። ከዚያ እንደገና ዝምታ ይሆናል። ውሃው ወደ 200 ሊትር ሲቃረብ ጂፕሰም ይጀምራል፤ ካልሲየም፣ ሰልፌትና ጥቂት ውሃ በአንድ ላይ የታሰሩበት፣ በጥፍር የሚጫር ለስላሳ ማዕድን ነው። ከሺህ ሊትራችን የሚወርደው ጂፕሰም አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው።

ወደ 100 ሊትር ሲደርስ ትልቁ ተራ ይመጣል። ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማዕድን አዋቂዎች ሃላይት የሚሉት የገበታ ጨው፣ መጀመሪያ የውሃው ገጽ ላይ እንደ ስስ ቅርፊት ይንሳፈፋል፤ ቅርፊቱ ሲከብድ ይሰጥምና ወለሉ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ክሪስታል እየሆነ ያድጋል። ከጠቅላላው 35 ኪሎ ውስጥ ወደ 27 ኪሎ የሚሆነው ይኸው ነው። ውሃው 20 ሊትር ገደማና ከዚያ በታች ሲሆን ገንዳው ውስጥ የሚቀረው ወፍራም፣ ሲነኩት ዘይት ዘይት የሚል፣ መራራ ፈሳሽ ነው። የፖታሲየምና የማግኒዥየም ጨዎች ተራቸው እዚህ ላይ ይደርሳል። ፖታሲየሙ ሁሉ ተጠራቅሞ ወደ ፖታሽ ቢለወጥ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም።

በዓለም ዙሪያ የጨው ገንዳ የሚያሠሩ ሰዎች ኑሯቸውን በዚህ ተራ ላይ መሥርተዋል። የውሃውን ክብደት የሚለካ፣ ቦሜ በሚባል መለኪያ የተቆጠረ ተንሳፋፊ ብርጭቆ አላቸው። ውሃው ጂፕሰሙን ጥሎ እስኪጨርስ በመጀመሪያዎቹ ገንዳዎች ያቆዩታል፤ 25 ወይም 26 ዲግሪ ቦሜ ሲደርስ ወደ ጨው ማውረጃው ገንዳ ይለቁታል፤ 30 ዲግሪ አካባቢ ሳይደርስ ደግሞ የቀረውን መራራ ውሃ ያፈሱታል። ማፍሰሱ ከዘገየ ማግኒዥየም ጨው ላይ ይቀመጣል፤ ጨዉም ይመርራል፣ መጋዘን ውስጥም እየረጠበ ያስቸግራል። የገበታ ጨው ንጹህ የሚሆነው የቀደመውንም የሚከተለውንም ከእሱ በማራቅ ነው።

አሳሌ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ጎርፍ ነው። በክረምት ከትግራይ ተራራዎች የሚወርደው ውሃ የጨው ሜዳውን ይሸፍንና የላይኛውን ንጣፍ ያሟሟል። ውሃው ሲተን ሃላይቱ እንደገና ይነጠፋል፤ የቀረው መራራ ውሃ ግን ሳይደርቅ ወደ ዝቅተኛው ቦታ፣ ወደ ሐይቁ ያዘግማል። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ይሆናል። አሞሌ የሚፈለፍሉት ሰዎች በብረትና በእንጨት ፈንቅለው የሚያነሡት እንግዲህ በተደጋጋሚ የታጠበ ጨው ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ተራው በሟሚነት ብቻ የሚወሰን ያስመስላል፤ በቀላሉ የማይሟሟው ይቀድማል፣ በቀላሉ የሚሟሟው ይከተላል። ይህ የነገሩ ግማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሎውረንስ ሃርዲና ሃንስ ኦይግስተር የተባሉ ሁለት ጂኦኬሚስቶች ሌላውን ግማሽ አሳዩ። እያንዳንዱ ማዕድን ሲወርድ ሁለት ነገሮችን ከውሃው ይወስዳል። ካርቦኔት ሲወርድ ካልሲየም ይወስዳል፣ ባይካርቦኔትም ይወስዳል። ከሁለቱ ቀድሞ ያለቀው ከጨዋታው ይወጣል፤ የተረፈው ደግሞ የሐይቁን ቀሪ ዘመን ይመራል። ያ ከመቶ ግራም እምብዛም የማያልፍ ነጭ አቧራ ከሁሉ በላይ ወሳኝ የሆነው ለዚህ ነው።

በባሕር ውሃ ሒሳቡ እንዲህ ይሄዳል። ካልሲየሙን መቶ እጅ ብንለው፣ ውሃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ሁሉ ወደ ካርቦኔት ቢለወጥ የሚይዘው ካልሲየም 11 እጅ ብቻ ነው። ባይካርቦኔቱ ያልቃል፤ 89 እጅ ካልሲየም ይተርፋል። ያ ካልሲየም ወደ ጂፕሰም ይሄዳል። ሰልፌቱ ግን ከተረፈው ካልሲየም ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ አሁን በተራው ካልሲየሙ ያልቃል፤ ሰልፌት ይተርፋል። ስለዚህ ከባሕር ውሃ የሚቀረው የመጨረሻ ፈሳሽ ካልሲየም የሌለው፣ ሰልፌት ግን ያለው ነው። ይህን እናስታውሰው፤ ዳሎል ሥር እንደገና እናገኘዋለን።

ወደ ስምጥ ሸለቆው ሐይቆች፣ ወደ አብጃታና ወደ ሻላ ብንወርድ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። እዚያ ውሃው የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ታጥቦ ነው፤ ባይካርቦኔቱ ከካልሲየሙ ይበልጣል። ገና በመጀመሪያው ተራ ካልሲየሙ ያልቃል፤ ጂፕሰም የሚሠራበት ነገር አይቀርም። ጂፕሰም ተራው ሳይደርሰው ይቀራል፤ ሐይቁም እየጠነከረ በሄደ ቁጥር ሶዳ ይሆናል። ከአብጃታ የሶዳ አሽ የሚመረተው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ሐይቅ ጂፕሰም ሌላው ሶዳ የሚሰጠው አንዱ የበለጠ ስለደረቀ አይደለም፤ ገና ውሃው ቀጭን ሳለ መንገዳቸው ተለያይቷል። በግሌ ከዚህ ሁሉ ጨው ኬሚስትሪ ውስጥ ይህች ሐሳብ ትበልጥብኛለች።

አሁን ወደ ዳናክል እንመለስ። የአሳሌ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደውን በር በሰሜን በኩል ከፍ ያለ መሬትና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዘግቶታል። በሩ ግን ሁልጊዜ ዝግ አልነበረም። በሸለቆው ጠርዝ ላይ የጥንት ኮራል ሪፍ ቆሞ ይገኛል፤ ከ120 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ባሕሩ እዚህ እንደነበረ ይመሰክራል። ኮራሉ በትነት የወረደ ካርቦኔት አይደለም፤ ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት የሠሩት ነው፤ ውሃው ገና ተራ የባሕር ውሃ ሳለ መሆኑን ግን ይነግረናል። ከሪፉ አጠገብ ጂፕሰም አለ። ከዚያ ወደ መሃል ሲገባ ሰፊው የሃላይት ሜዳ ይጀምራል። እየጠበበ የሄደ ውሃ ዳር ዳሩ ላይ የመጀመሪያዎቹን፣ መሃሉ ላይ የመጨረሻዎቹን ጥሎ ያልፋል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ወደ ታች ያለው ነው። ከሜዳው ሥር ያለው የጨው ክምችት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚወፍር ይገመታል። ባሕሩ አንድ ጊዜ ገብቶ ደረቀና ይህ ቀረ ማለት አይቻልም። አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ውሃ ሙሉ በሙሉ ቢደርቅ የሚተወው ጨው ውፍረቱ 16 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር ጨው ከስልሳ ጊዜ በላይ መሙላትና መድረቅ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ፣ ይበልጥ የሚመስለው ይህ ነው፣ ውሃ በጠባብ መንገድ ሳያቋርጥ እየሰረገ ይገባ፣ ፀሐይም የገባውን ያህል ታተን ነበር። እንዲህ ያለ ሐይቅ አንድ ተራ ላይ ቆሞ ይቀራል። የሚገባው ውሃ እንዳይደርቅ ያደርገዋል፤ የሚተነው ደግሞ እንዳይቀጥን ያደርገዋል። የሃላይት ተራ ላይ ከቆመ ለሺህ ዓመታት ሃላይት ብቻ ይጥላል። ፖታሽ እንዲመጣ መግቢያው መጥበብ ወይም መዘጋት አለበት።

ዳሎል አካባቢ ይህ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለራልፍ ፓርሰንስ ኩባንያ ፍለጋ በተቆፈሩት ጉድጓዶች፣ ከታች ወፍራሙን የሃላይት ንጣፍ አልፎ በላዩ ፖታሽ የያዘው ንጣፍ ተገኘ። ከሥሩ ወደ ላይ ሲነበብ መጀመሪያ ካይናይት ይመጣል፤ ፖታሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ክሎራይድና ሰልፌት የተጣመሩበት ማዕድን። ሰልፌት እንደሚተርፍ ቀደም ብለን ያሰላነው እዚህ ላይ ነው የሚታየው፤ የባሕር ውሃ ፊርማ ነው። በላዩ ካርናላይት ይተኛል፤ በእሱ ውስጥ ሰልፌት የለም፣ የፖታሲየምና የማግኒዥየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ በአንዳንድ ቦታ ቢሾፋይት አለ፤ ንጹህ የማግኒዥየም ክሎራይድ፣ የመጨረሻው ተራ። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ እንዳለው ነው።

ከቢሾፋይቱ በላይ ግን ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ካርናላይት እንደገና ይመጣል፤ በእሱ ላይ ሲልቪናይት፣ ማለትም ሲልቫይትና ሃላይት የተቀላቀሉበት ንጣፍ፤ ከዚያም ሃላይት ብቻ። ሲልቫይት ንጹህ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ማዳበሪያ ፈላጊ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው። ከደረቀ የባሕር ውሃ በቀጥታ ሲልቫይት በዚህ ቦታ ይወርዳል ተብሎ አይጠበቅም። ማብራሪያው የሚገኘው ከካርናላይት ጠባይ ነው። ትንሽ ቀጠን ያለ ውሃ ካርናላይት ላይ ሲፈስ እኩል አያሟሟውም፤ ማግኒዥየሙን ይዞ ይሄድና ፖታሲየም ክሎራይዱን እዚያው ይተወዋል። በሩ እንደገና ተከፍቶ አዲስ ውሃ ሲገባ የላይኛው ካርናላይት ታጠበ፤ ሲልቫይት ቀረ። ንጣፉን ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን የወረደበት ተራ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ በኋላ የተለወጠ መሆኑን የሚያሳየው ግን በክሪስታሎቹ መካከል የቀረው የካርናላይት ቁራጭ ነው።

ጀርመን ውስጥ በሽታስፉርት ከተማ ይኸው ታሪክ በሌላ መልክ ተከስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የገበታ ጨው ለማውጣት ጉድጓድ ሲቆፍሩ መጀመሪያ ያገኟቸው መራራዎቹን የላይኞቹን ጨዎች ነበር፤ እንደ ቆሻሻ ወደ ጎን ጣሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1861 ፖታሽ የሚያወጣ ፋብሪካ ተከፈተ፤ የተጣለው ከሚፈለገው ጨው ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። የነዚህን ጨዎች ተራ ለማወቅ ታላቁ ኬሚስት ቫንት ሆፍ ከአሥር ዓመት በላይ በሙከራ ቤት ደክሟል።

ፖታሽ ለምን ብርቅ ሆነ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወደ አየሩ ይወስደናል። ውሃ ጨው በበዛበት ቁጥር ለመትነን እምቢተኛ ይሆናል፤ የሟሟው ጨው ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል። ሃላይት የጠገበ ውሃ የሚተነው የአየሩ እርጥበት ከ75 ከመቶ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ማግኒዥየም ክሎራይድ የጠገበ ውሃ ደግሞ 33 ከመቶ ይጠይቃል። አየሩ ከዚያ የበለጠ እርጥብ ከሆነ ፈሳሹ መድረቁ ይቅርና ከአየር ውሃ ይጠጣል። ባሕር ዳር ያለ የጨው ገንዳ ቀን የደረቀውን ማታ መልሶ ያረጥበዋል፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ጂፕሰምና ሃላይት በብዛት ይገኛል፣ ፖታሽ ግን አይቆይም። ዳሎል ከባሕሩ በተራራ ተከልሎ በዝቅታ የተኛ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ይበልጣል፤ በዓለም ከተለኩት ከፍተኛው ነው። እንዲያም ሆኖ ቢሾፋይት በየቦታው አይገኝም።

ፈሳሽ ሆኖ መቅረት እዚያው ዛሬም ይታያል። ከዳሎል ብዙም ሳይርቅ ጋኤታሌ የሚባል ኩሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ከአንድ ኪሎ ውሃው ውስጥ 433 ግራም ጨው ሆኖ ተገኘ፤ በምድር ላይ ከተለኩት ውሃዎች ሁሉ የላቀ ጨዋማነት ነው። ያም ሆኖ ውሃ ነው፤ አልደረቀም። ውስጡ ያለው በአብዛኛው የካልሲየምና የማግኒዥየም ክሎራይድ ሲሆን ሁለቱም አየር ላይ ለመድረቅ ከባድ ናቸው። ካልሲየሙ ደግሞ ውሃው ተራ የደረቀ ባሕር እንዳልሆነ ያሳብቃል፤ የባሕር ውሃ በዚህ ደረጃ ካልሲየም አይቀረውም ብለናልና። ከመሬት በታች በሞቀ ድንጋይ ውስጥ ሲመላለስ የተለወጠ ውሃ ነው። ጎብኚ የሚያየው የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ ቀለምም የዚህ የሞቀ ውሃ፣ የድኝና የብረት ሥራ ነው፤ ከትነት ተራው ጋር አያምታቱት።

ይህ ጠባይ ቆፋሪዎችን ያስቸግራል። ካርናላይትንና ቢሾፋይትን በተራ ውሃ መቦርቦር አይቻልም፤ የሚወጣው የድንጋይ ዘንግ እጅ ላይ ሳይደርስ ይሟሟል። ስለዚህ መሰርሰሪያው የሚቀዘቅዘው ማግኒዥየም ክሎራይድ አስቀድሞ በጠገበ ፈሳሽ ነው። የወጣው ናሙና ወዲያው በፕላስቲክ ካልታሸገ ጠረጴዛው ላይ ይረጥብና ይፈርሳል። ዋሻ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ፓርሰንስ ያስጀመረው የከርሰ ምድር ማዕድን ውሃ ገብቶበት ተጥለቅልቆ ሥራው ቆሟል።

ከዚያ ወዲህ ለዳሎል ፖታሽ የቀረበው ዋና ዕቅድ ውሃን ከመሸሽ ይልቅ መጠቀም ነው። በጉድጓድ ውሃ ወደ ታች ይላካል፤ ፖታሹን አሟሙቶ ይመለሳል፤ ሜዳው ላይ በተሠሩ ገንዳዎች ይተናል። ገንዳዎቹም በተራ ይደረደራሉ። መጀመሪያው ላይ ሃላይት ይወርዳል፣ እሱ ይተዋል። ውሃው ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ ካይናይትና ካርናላይት ይወርዳሉ፤ እነሱ ተለቅመው ወደ ፋብሪካ ይሄዳሉ። ሠራተኛው ማወቅ ያለበት ውሃውን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው የሚያሸጋግርበትን ሰዓት ነው፤ ከቸኮለ ፖታሹ በሃላይት ይበረዛል፣ ከዘገየ ፖታሹ ከማይፈለገው ሃላይት ጋር እዚያው ይቀራል። በመጨረሻው ገንዳ የሚተርፈው የማግኒዥየም ክሎራይድ ፈሳሽ በዳሎል ፀሐይ እንኳ በቀላሉ አይደርቅም፤ ወዴት እንደሚፈስ ከወዲሁ ቦታ ሊዘጋጅለት ይገባል።